33 ሺህ ሠራተኞች ሁለት ጊዜ እምቢ ያሉበት የደመወዝ ድርድር

በሴፕቴምበር 8 ቀን 2024 የቦይንግ ኩባንያና የሠራተኞቹ ማኅበር ለወራት ሲደራደሩበት በቆዩት ውል ላይ መስማማታቸውን አስታወቁ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በስምምነቱ መሠረት ደመወዝ በአራት ዓመት ውስጥ 25 በመቶ ያድጋል። ውሉ ሲጸድቅ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ 3,000 ዶላር ይከፈላል። ኩባንያው ቀጣዩን አዲስ አውሮፕላን በዚያው በሲያትል አካባቢ ለመሥራት ቃል ይገባል። የማኅበሩ ተደራዳሪዎችም በሙሉ ድምፅ «ተቀበሉት» ብለው ውሉን ለአባላቱ አቀረቡ። ከአራት ቀን በኋላ አባላቱ ድምፅ ሲሰጡ 94.6 በመቶዎቹ ውሉን ጣሉት። በማግስቱ 33 ሺህ ያህል ሠራተኞች ሥራ አቆሙ።

ድርድር ማለት ጥቂት ሰዎች በር ዘግተው የሚጨርሱት ጉዳይ ነው ብሎ ለሚያስብ ሰው ይህ ግራ ያጋባል። መሪዎቹ ተስማምተዋል፤ ኩባንያው ተስማምቷል፤ ታዲያ ውሉ እንዴት ወደቀ? መልሱ ያለው የማኅበር ድርድር በሚያልፍባቸው ሦስት ደረጃዎች ውስጥ ነው። መጀመሪያ አባላት ለተደራዳሪዎች ውክልና ይሰጣሉ፤ ቀጥሎ ተደራዳሪው ቡድን ከአሠሪው ጋር ይነጋገራል፤ በመጨረሻ የተገኘው ውጤት ወደ አባላት ተመልሶ ይጸድቃል ወይም ይጣላል። የቦይንግ ሠራተኞች ታሪክ ሦስቱንም በግልጽ ያሳያል። እኛም ከጉዳዩ የራቅን አይደለንም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከእነዚህ ፋብሪካዎች የወጡ አውሮፕላኖችን ያበራል፤ በሲያትልና በዙሪያዋም ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ።

ነገሩን ለመረዳት አሥር ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በ2013 ቦይንግ 777ኤክስ የተባለውን አዲስ አውሮፕላን የት እንደሚሠራ ለመወሰን ተዘጋጅቶ ነበር። ለሠራተኞቹም ያለው ውል እስከ 2024 ይራዘም፣ እስከ ዕድሜ ልክ የሚከፈለው የጡረታ ዕቅድም ይቁም የሚል ጥያቄ አቀረበ። ካልተስማሙ ሥራውን ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር እንደሚወስድ አሳወቀ። አባላቱ በኖቬምበር 2013 በ67 በመቶ ድምፅ «አይሆንም» አሉ። ኩባንያው ጥቂት ማሻሻያ አድርጎ ሲመለስ ግን የአካባቢው ማኅበር መሪዎች እየተቃወሙ የበላዩ ዓለም አቀፍ ማኅበር ሁለተኛ ድምፅ እንዲሰጥ አዘዘ። ድምፁ የተሰጠው በጃንዋሪ 3 ቀን 2014፣ ገናና አዲስ ዓመት ገና ባለፉበት ሳምንት ነበር፤ ብዙ አባላትም ከዕረፍት አልተመለሱም። ውጤቱ 51 ለ49 ሆነና ውሉ ጸደቀ።

ያች ጠባብ ብልጫ ያስከተለችው ነገር ረጅም ነበር። የጡረታው ዕቅድ ቆመ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ስምንት ዓመታት አጠቃላይ የደመወዝ ጭማሪው 4 በመቶ ብቻ ሆነ፤ ከዚህ ሌላ የነበረው ከኑሮ ውድነት ጋር የተያያዘ ማስተካከያ ነው። በዚሁ ጊዜ በሲያትል የቤት ኪራይና የቤት ዋጋ ምን ያህል እንደተሰቀለ እዚያ የሚኖር ማንም ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ በ2024 ውሉ ሊያበቃ ሲል አባላቱ የመጡት የአሥር ዓመት ቂም ይዘው ነው። ማኅበሩ ሲጀምር የጠየቀው የ40 በመቶ ጭማሪና የጡረታው መመለስ የዚህ ቂም ትርጉም ነበር።

ውክልና የሚባለው እንግዲህ ይህ ነው። ተደራዳሪው ወደ ጠረጴዛው የሚሄደው የራሱን አስተያየት ይዞ ሳይሆን አባላት በመጠይቅና በስብሰባ የነገሩትን ይዞ ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚፈልጉት ምንድነው፣ የቱን ቢያጡ ይችላሉ፣ የቱን ፈጽሞ አይለቁም የሚለውን። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ማኅበራት ከዚህ ጋር አንድ ተጨማሪ ነገር ያደርጋሉ፤ ድርድሩ ሳይጠናቀቅ አባላት አስፈላጊ ከሆነ ሥራ ለማቆም አስቀድመው ይፈቅዳሉ። የቦይንግ ሠራተኞች ይህን ያደረጉት በጁላይ 17 ቀን 2024 ነው። በሲያትሉ ቤዝቦል ስታዲየም በሺዎች ሆነው ተሰብስበው በ99.9 በመቶ ድምፅ ፈቀዱ። ይህ ድምፅ አድማውን አያስጀምርም። አሠሪው ግን ከፊቱ የተቀመጡት ጥቂት ሰዎች ጀርባቸው ባዶ እንዳልሆነ ያውቃል። የውክልና ጉልበቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ተደራዳሪውን ቡድን የመሩት የዲስትሪክት 751 ፕሬዝዳንት ጆን ሆልደን ነበሩ። እንዲህ ያለ ቡድን ውስጥ የማኅበሩ መሪዎች፣ ከየሥራ ክፍሉ የመጡ ሰዎች፣ የሕግና የሒሳብ አማካሪዎች ይኖራሉ። ሥራው ከሚመስለው በላይ አድካሚ ነው። አንድን የሕክምና መድን አንቀጽ ለመጨረስ ሰዓታት ይፈጃል፤ እያንዳንዱ የተስማሙበት አንቀጽ በሁለቱም ወገን ይፈረምበትና ወደ ጎን ይቀመጣል፤ ገንዘብ የሚነኩት ጉዳዮች አብዛኛውን ጊዜ ወደ መጨረሻ ይገፋሉ። ቡድኑ ሌላም ችግር አለበት፤ በየቀኑ የሚያየው የአሠሪውን ሰዎች እንጂ አባላቱን አይደለም። ሳምንታት ሲያልፉ ኩባንያው «ከዚህ በላይ አልችልም» የሚለውን ደጋግሞ ይሰማል፤ ከጀመረበት ቁጥር ወደፊት መሄዱን ይለካል፤ የተገኘው ነገር ትልቅ መስሎ ይታየዋል። አባሉ ግን የሚለካው ከራሱ ደመወዝና ከ2014 ጀምሮ ካጣው ነገር አንጻር ነው። ተደራዳሪዎች ክፉ ሐሳብ ሳይኖራቸው ከላኳቸው ሰዎች የሚርቁት በዚህ መንገድ ነው።

በሴፕቴምበሩ ስምምነት የሆነው ይህ ነበር ብዬ አምናለሁ። 25 በመቶ በወረቀት ላይ ትልቅ ይመስላል። ነገር ግን አባላቱ ሰነዱን ሲያነቡ ኩባንያው ለዓመታት ሲሰጥ የነበረውን ዓመታዊ ቦነስ እንዳስቀረው አገኙ። ይህ ቦነስ ከዓመት ደመወዝ 4 በመቶ አካባቢ ይደርስ ነበር። በአንድ እጅ የተሰጠው በሌላው እጅ ተወሰደ። ጡረታውም አልተመለሰም። የደመወዝ ስምምነት በእጁ የደረሰው ሠራተኛ ሁሉ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ይህን ነው። በርዕሱ ላይ ከተጻፈው በመቶኛ ይልቅ ቀድሞ ያገኘው የነበረ ነገር ከውሉ ውስጥ የት እንደገባ ማየት አለበት፤ ቦነስ፣ አበል፣ የትርፍ ሰዓት ስሌት፣ የመድን መዋጮ። ጭማሪው ትልቅ ሆኖ ከእነዚህ አንዱ በጸጥታ ከጠፋ የወሩ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ገንዘብ ከተነገረው ያንሳል።

ሆልደን ውሉ እንዲጸድቅ ሲመክሩ ምክንያታቸውን አልደበቁም፤ በአድማ ከዚህ የበለጠ እንደሚገኝ ዋስትና መስጠት እንደማይችሉ ተናገሩ። ይህ ከአንድ መሪ የሚጠበቅ ታማኝ ቃል ነው። ነገር ግን የመምከርና የመወሰን ሥልጣን የተለያዩ ናቸው፤ ውሳኔው የአባላት ነው። በዚህ ማኅበር ደንብ ድምፅ ሲሰጥ አባሉ ሁለት ጥያቄ ይቀርብለታል፤ ውሉን ትቀበላለህ ወይ? ካልሆነ ሥራ እናቁም ወይ? ውሉን ለማጽደቅ ከግማሽ በላይ ድምፅ ይበቃል። አድማ ለመጀመር ግን ሁለት ሦስተኛ ያስፈልጋል። ከዚህ የሚመጣው ውጤት ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። አባላት ውሉን በአብላጫ ቢጥሉት እንኳ ለአድማው ሁለት ሦስተኛ ካልተገኘ ውሉ እንደጸደቀ ይቆጠራል። ደንቡ «ከሥራ ጋር የማትደግፈው እምቢታ ዋጋ የለውም» እንደማለት ነው። በሴፕቴምበር 12 ሁለቱም አልፈዋል፤ 94.6 በመቶ ውሉን ጣለ፣ 96 በመቶ ለአድማ ድምፅ ሰጠ።

እዚህ ላይ ደካማ ተደራዳሪ ቡድን ይፈርሳል ወይም ይኮርፋል። የማኅበሩ ተደራዳሪዎች ግን ወደ አባላቱ ተመልሰው እንደገና ጠየቁ፤ አዲስ መጠይቅ አወጡ፤ ደመወዝና ጡረታ ከሁሉ በፊት እንደሚመጡ መልሰው ሰሙ። ውድቅ የሆነ ስምምነት ለተደራዳሪው ውርደት መስሎ ይታያል። በጠረጴዛው ላይ ግን ብርታት ሊሆነው ይችላል። ከዚያ ቀን በኋላ «እኔ ብስማማም አባላቱ አይቀበሉትም» የሚለው ቃል ማስፈራሪያ መሆኑ ቀርቶ በኮሮጆ የተረጋገጠ እውነት ሆነ።

ኩባንያውም የራሱን መንገድ ሞከረ። በሴፕቴምበር 23 «የመጨረሻና ከሁሉ የተሻለ» ያለውን 30 በመቶ ጭማሪ፣ 6,000 ዶላርና የዓመታዊውን ቦነስ መመለስ በይፋ አሳወቀ፤ ለድምፅም እስከ ሴፕቴምበር 27 ገደብ ሰጠ። አቅርቦቱ ከማኅበሩ ጋር በድርድር የተደረሰበት አልነበረም። ማኅበሩ ሳይደራደርበት የመጣን ነገር ወደ ድምፅ አላቀርብም፣ 33 ሺህ ሰው ባሉበትም በአራት ቀን ድምፅ ማዘጋጀት አይቻልም ብሎ ተቃወመ። ይህ ክፍል ለአሠሪዎችም ትምህርት አለው። በተደራዳሪው አናት ላይ ዘልሎ ለሠራተኛው በቀጥታ መናገር ፈጣን መንገድ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ ሠራተኛውን ወደ ተወካዩ ማስጠጋት ነው። አባላቱ በመጠይቁ አቅርቦቱን አልተቀበሉትም፤ ማኅበሩም ለድምፅ አላቀረበውም።

አድማው ሲራዘም የሁለቱም ወገን ጉዳት ታየ። የ737፣ የ767 እና የ777 ምርት ቆመ። ቦይንግ ከአንድ አውሮፕላን ዋጋ አብዛኛውን የሚያገኘው ሲያስረክብ ስለሆነ ምርት መቆሙ በቀጥታ ጥሬ ገንዘቡን ነካው። ይህ የሆነው ደግሞ ኩባንያው በ2019 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከወደቀ በኋላ በተከተለው ረጅም የ737 ማክስ እገዳና ከዚያ ወዲህ በገጠሙት ችግሮች ቀድሞ ተዳክሞ ሳለ ነው። በዚያ አደጋ 157 ሰዎች ሞተዋል፤ የሐዘኑ ስፋት ከማንኛውም የገንዘብ ሒሳብ በላይ ነው። በኦክቶበር ኩባንያው ከጠቅላላ ሠራተኞቹ 10 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አስታወቀ። በሠራተኛው በኩል ደመወዝ ቆሟል፤ ኩባንያው ይከፍል የነበረው የሕክምና መድን በሴፕቴምበር መጨረሻ ተቋርጧል፤ ከማኅበሩ የአድማ ገንዘብ የሚገኘው ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ በሳምንት 250 ዶላር ነው። በሲያትል ይህ ለቤት ኪራይ አይበቃም።

በወቅቱ የሠራተኛ ሚኒስትርነቱን በተጠባባቂነት የያዙት ጁሊ ሱ ባገዙበት ንግግር በኦክቶበር 19 አዲስ አቅርቦት መጣ፤ 35 በመቶ ጭማሪና 7,000 ዶላር። ድምፅ በኦክቶበር 23 ተሰጠ፤ 64 በመቶ አሁንም «አይሆንም» አለ። ከ94.6 ወደ 64 መውረዱን ልብ ይሏል። ለተደራዳሪ ይህ ቁጥር ትልቅ መረጃ ነው። እምቢታው አለ፤ ግን እየላላ ነው፤ ጥቂት ተጨማሪ ነገር ብዙውን ሰው ሊያዞር ይችላል። ውድቅ ወይም ጸደቀ ብሎ ብቻ የሚያይ መሪ ይህን ያመልጠዋል።

የሦስተኛው አቅርቦት 38 በመቶ ነበር፤ ከ12,000 ዶላር ጋር። ጭማሪው በአራት ዓመት የተከፋፈለው 13፣ 9፣ 9 እና 7 በመቶ ሆኖ ነው። እዚህ ጋ ትንሽ ሒሳብ መሥራት ይጠቅማል። በወር 5,000 ዶላር የሚያገኝ ሠራተኛ እንውሰድ። በመጀመሪያው ዓመት 5,650 ይሆናል። ሁለተኛው 9 በመቶ የሚሰላው ከ5,000 ሳይሆን ከ5,650 ነውና 6,158 ይደርሳል፤ ሦስተኛው ወደ 6,713፤ አራተኛው ወደ 7,183 ያደርሰዋል። 38 በመቶ በአንድ ጊዜ ቢጨመር 6,900 ይሆን ነበር። ጭማሪ በጭማሪ ላይ ስለሚሰላ ትክክለኛው ዕድገት 43.65 በመቶ ነው፤ ማኅበሩም ለአባላቱ ያስረዳው ይህንኑ ቁጥር ነው። ደግሞም ትልቁ ጭማሪ መጀመሪያ ላይ መሆኑ ራሱ ዋጋ አለው፤ ያው 38 በመቶ ወደ መጨረሻ ቢገፋ ሠራተኛው ለሦስት ዓመት ያነሰ ገንዘብ ይቀበል ነበር።

ይኸው ሠራተኛ በአድማው ምን አጣ? ሥራው ለ53 ቀን ስለቆመ ከወር 5,000 ዶላሩ ወደ 8,800 ዶላር አጥቷል። በመጀመሪያው አቅርቦት 3,000 ዶላር የነበረው የማጽደቂያ ክፍያ 12,000 መሆኑ ያንን ጉድለት ያህላል። በ25 እና በ38 መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ከዚያ በኋላ በየወሩ የሚመጣ ነው። እንዲህ ያለ ሒሳብ ከድምፅ በፊት በአባላት እጅ መድረስ አለበት። ሒሳቡ ሁልጊዜ ወደ አድማ አያደላም፤ ጭማሪው ትንሽ፣ አድማው ረጅም ቢሆን ሠራተኛው ያጣውን ለዓመታት አያስመልስም።

በዚህ ጊዜ መሪዎቹ ለአባላቱ በግልጽ ተናገሩ፤ የሚቻለው ተወስዷል፣ ከዚህ በኋላ የሚመጣው አቅርቦት ሊያንስ ይችላል። በኖቬምበር 4 ቀን 59 በመቶ አጸደቀው። ጡረታው አልተመለሰም። ለአንዳንዶች የመጡበት ዋናው ጉዳይ እርሱ ነበርና 41 በመቶው እስከ መጨረሻው መቃወሙ አያስገርምም። ቢሆንም በጸደቀው ውል ሁሉም ይገዛል፤ «አይሆንም» ያለውም፣ ድምፅ ያልሰጠውም።

ወደ አገራችን ስንመለስ መንገዱ በከፊል ይመሳሰላል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የኅብረት ድርድር ለመጀመር የሚፈልግ ወገን ጥያቄውን በጽሑፍ፣ ከድርድር ረቂቅ ጋር ያቀርባል። ሌላው ወገን በ10 ቀን ውስጥ ለድርድር ይቀርባል። ሁለቱም ከመጀመራቸው በፊት የድርድር ሥነ ሥርዓት ደንብ ያወጣሉ፤ በቅን ልቦና የመደራደር ግዴታም አለባቸው። ያልተስማሙበት ጉዳይ ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ሊሄድ ይችላል። ሠራተኛውን የሚወክሉት በማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ሥልጣን የተሰጣቸው መሪዎች ወይም አባላት ናቸው፤ አማካሪ ይዞ መግባትም ይፈቀዳል።

አዋጁ የማያስገድደው ግን የተደረሰበት ስምምነት ከመፈረሙ በፊት ለአባላት ድምፅ እንዲቀርብ ነው። ይህ ለማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ የተተወ ጉዳይ ነው። ደንቡ ዝም ካለ ሥልጣን የተሰጣቸው ጥቂት ሰዎች ፊርማ ብቻ ሁሉንም ሠራተኛ ያስራል። የግል ዘርፍ አነስተኛ የደመወዝ ወለል በሌለበት አገር፣ ለብዙ የፋብሪካ ሠራተኛ የደመወዙን መጠን በጋራ የሚያነሳበት ዋናው መድረክ የኅብረት ስምምነት ሆኖ ሳለ፣ ይህን ክፍተት መተው ትክክል አይመስለኝም። ክፍተቱ መሪዎችንም ይጎዳል። በድምፅ ያልጸደቀ ውል ፈርመው የወጡ ሰዎች «ሸጡን» የሚል ሐሜት ሲመጣባቸው የሚያሳዩት ማስረጃ አይኖራቸውም።

ስለዚህ የሠራተኛ ማኅበር አባል የሆናችሁ አንባቢዎች የማኅበራችሁን መተዳደሪያ ደንብ ጠይቃችሁ ውሰዱና ሦስት ነገር ፈልጉበት፤ ተደራዳሪዎችን ማን ይመርጣል፣ ረቂቁ ወደ ጠቅላላ ጉባኤው መቼ ይመለሳል፣ ለማጽደቅ ስንት ድምፅ ያስፈልጋል። መልሱ ከሌለ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ አስይዙት፤ ውሳኔውም በቃለ ጉባኤ ይስፈር። ይህን ማድረግ የሚቀለው ድርድር ሳይጀመር፣ አሁን ነው።